ሰው ሳይበደር ዕዳ ከፈለ?

ዛሬ ስለ ቀንና ስለ ነጥብ ልጻፍ። ረዘም ይላል፣ ግን የማህበር፣ የዕድርና የሱቅ ሒሳብ የምትይዙ ሰዎች ብታነቡት አትከስሩም።

የቁጠባና ብድር ማህበራችን የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነኝ። የ2017 በጀት ዓመት ሪፖርት ለጠቅላላ ጉባኤ ሊቀርብ አምስት ቀን ሲቀረው ደረሰን። የደረሰኞቹ ድምር 486,300 ብር ነው። ሪፖርቱ ላይ ያለው ገቢ ግን 473,812.50። የ12,487.50 ብር ልዩነት! ወሬው እኛ ሳንጨርስ ቀድሞን ወጣ። ሒሳብ ያዥዋ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ሴት ናቸው። ሻይ ቤት ስንገባ ሰው ዝም ማለት ጀመረ።

እኔም እውነቱን ልናገር፣ ጠርጥሬ ነበር።

መጀመሪያ ያሰብነው ከባንክ መግለጫው ጋር ማመሳከር ነው። እሱ ግን አልሄደልንም፤ ሩብ ዓመቶቹ በሙሉ አይገጥሙም። ሁለተኛው ሩብ ዓመት ከባንኩ ይበልጣል፣ ሦስተኛው ያንሳል። ስለዚህ ወደ አንድ አባል ሒሳብ ወረድን። ብድር የወሰደበት ቀን 05/04/2017 ይላል፣ ታህሣሥ 5 ማለት ነው። የመጀመሪያ ክፍያው ደግሞ 10/02/2017፣ ጥቅምት 10። ሰውየው ገንዘቡን ሳይበደር ከ55 ቀን በፊት መክፈል ጀምሯል!

የባንክ ደረሰኙን አወጣነው፤ 10/02/2025 ይላል። ፌብሩዋሪ 10 ነው። መዝጋቢው ዓመቱን ብቻ ወደ 2017 ቀይሮ ቀኑንና ወሩን እንዳለ ተወው። ትክክለኛው ቀን የካቲት 3 ቀን 2017 ነበር። ያ ክፍያ ከሦስተኛው ሩብ ዓመት ወጥቶ ሁለተኛው ውስጥ ገባ። እንዲህ ያሉትን አንድ በአንድ ለቅመን ስናስተካክል ሩብ ዓመቶቹ ከባንኩ ጋር መቀራረብ ጀመሩ።

ኮምፒውተሩም አግዟል፣ በክፋት። ኤክሴል የኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። 05/04/2017 ብለህ ስትጽፍ የፈረንጅ 2017 ነው የሚመስለው። የካቲት 30 ለማለት 30/06/2017 ብትጽፍ ሌላ ነገር ይሆናል፣ 30/02 ብትል ደግሞ የነሱ ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። ምልክቱን ልንገራችሁ፦ ማንም አሰላለፉን ካልነካው፣ ቀን ብሎ የተቀበለው ሳጥኑ ውስጥ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ያደረገው ወደ ግራ። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀኝ ግማሹ ግራ ከሆነ፣ በቀን ቅደም ተከተል መደርደሩም የቀን ልዩነት ማስላቱም አይታመንም።

ቀኖቹ ከተስተካከሉ በኋላ ግን አራተኛው ሩብ ዓመት አሁንም 12,487.50 ጎደለው። ከዚያ አንድ የድሮ ዘዴ ትዝ አለኝ። የሺህ ቦታ ስህተት ካለ ልዩነቱን ለ999 ማካፈል ነው። 12,487.50 ለ999 ሲካፈል ልክ 12.5 መጣ። ሪፖርቱ ውስጥ 12.5 ፈለግን፤ ግንቦት ላይ ተቀምጦ አገኘነው። አንዱ ጸሐፊ አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶን በሰረዝ ፈንታ በነጥብ 12.500 ብሎ ጽፎታል። ኤክሴል ደግሞ ዜሮዎቹን ጥሎ አሥራ ሁለት ብር ከሃምሳ አደረገው። ያየ ሰው ሁሉ "12.5 ሺህ ለማለት ነው" ብሎ አልፎታል። ደመረው እንጂ ማሽኑ እንደ ሰው አይገምትም። ብሩ ባንክ ውስጥ ነበር፣ ሙሉውን።

ለሒሳብ ያዥዋ ስነግራቸው ለተወሰነ ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለው "መምህር፣ አንተስ ምን ብለህ ነበር?" አሉኝ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ጉባኤው ላይም በሰው ፊት ደገምኩት። ሐሜቱ በሰው ፊት ስለነበረ ይቅርታውም እዚያው መሆን ነበረበት።

አሁን ደንብ አውጥተናል። የኛ ቀን የወሩ ስም በፊደል ተጽፎ በአንድ ዓምድ ይገባል፦ የካቲት 3 ቀን 2017። የባንኩ ቀን በራሱ ዓምድ፣ ደረሰኙ ላይ እንዳለ፣ የወሩ ስም ተጽፎ፦ 10 ፌብሩዋሪ 2025። ማንም በጭንቅላቱ ስምንት ቀንሶ አይጽፍም፤ ከመስከረም እስከ ታህሣሥ መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ ሰባት ነውና። ለሺህ ሰረዝ፣ ለሳንቲም ነጥብ፣ በቃ። አንድ ችግር አለው፦ የወር ስም በፊደል ሲጻፍ ኮምፒውተሩ በጊዜ ቅደም ተከተል አይደረድርልህም። ለዚህ መጀመሪያ ላይ ተራ ቁጥር ጨመርን።

የናንተን መዝገብ ዛሬ ገልጣችሁ አንድ ነገር ብቻ እዩ፦ ሳይበደር የከፈለ ሰው አለ? ካለ፣ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት ቀኑን ጠርጥሩ።