ውሃውን ማን አፈሰሰው?

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንደ ወትሮው የበረታ ነበር። ዘመዶቻችን ከደብረ ብርሃን ወደ እኛ ሲወርዱ የጣርማበርን ዋሻ አልፈው ደብረ ሲናን ከተሻገሩ በኋላ ጋቢያቸውን እያወለቁ ይመጣሉ፤ ቤት እንደ ገቡም የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ስለዚህ ፍሪጃችን ከጧት እስከ ማታ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል።

አንድ ቀን ጧት ከፍሪጁ ሥር ውሃ ተኝቶ አገኘን። እናቴ ወለወለችው፤ በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። የአትክልቱን መሳቢያ ስንስበው ጎመኑና ቃሪያው በውሃ ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ጠርሙስ የምታወጣውና የምትመልሰው የስምንት ዓመቷ ታናሽ እህቴ ስለ ነበረች ጥፋቱ በእርሷ ላይ ወደቀ። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ አላፈሰስኩም!» ብላ ብታለቅስም ከሁሉ አስቀድሜ የተቆጣኋት እኔ ነበርሁ። ፍሪጁንም እንዳትነካ ተከለከለች። ይሁን እንጂ ከተከለከለች በኋላም ውሃው መምጣቱን አልተወም።

አባቴ «መብራት ሲጠፋ በረዶው ቀልጦ ነው» አለ፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት መብራት አልጠፋም ነበር። የተጠራው ጠጋኝ ደግሞ ጋዙ ስላለቀ መሞላት አለበት ብሎ ብዙ ብር ጠየቀ። በዚህ ጊዜ እናቴ «ጋዙ ካለቀ ታዲያ ቅቤው እንዴት ረግቶ ይገኛል?» አለችው። እውነትዋን ነበር፤ ጋዝ ያለቀበት ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል እንጂ፣ ደኅና እያቀዘቀዘ ውሃ አያቁርም።

እኔም ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማሰብ ጀመርሁ። በ30 ዲግሪ ሙቀት 1 ሜትር ኩብ አየር እስከ 30 ግራም ያህል ውሃ በተን መልክ ሊይዝ ይችላል፤ በ5 ዲግሪ ግን 7 ግራም ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በሩ በተከፈተ ቁጥር የቆላው አየር ይገባል፤ ሲቀዘቅዝም የተረፈውን ውሃ በፍሪጁ የኋላ ግድግዳ ላይ ጠልና አመዳይ አድርጎ ይተወዋል። ሞተሩ ሲያርፍ አመዳዩ ይቀልጥና ግድግዳውን ተከትሎ ወደ አንዲት ትንሽ ቦይ ይወርዳል። በቦይዋ መካከል ቀዳዳ አለ፤ ውሃው በዚያ ገብቶ በቀጭን ቱቦ ከኋላ ሞተሩ ላይ ወዳለው ሳሕን ይንጠባጠባል፤ በሞተሩም ሙቀት ይተናል። ስለዚህ ፍሪጁ ደኅና ሲሆን ይህን ውሃ ማንም አያየውም።

ፍሪጁን ከመብራት ነቅዬ ከግድግዳው ራቅ አደረግሁትና ሳሕኑን ተመለከትሁ። ደርቆ አቧራ ለብሷል! ውሃ ሊገኝበት የሚገባው ስፍራ ደረቅ፣ ደረቅ ሊሆን የሚገባው መሳቢያ ግን ውሃ የሞላበት ሆነ። መንገዱ በመካከል እንደ ተዘጋ የተረዳሁት በዚህ ነው።

መሳቢያዎቹን አወጣሁ። ቀዳዳዋ ከመሳቢያው በላይ በኋላ ግድግዳው ግርጌ ነበረች፤ በጥቁር አተላ ተሸፍናለች። መጀመሪያ አተላውን በጨርቅ ጠረግሁ። ቀጥሎም መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ በለብታ ውሃ ሞልቼ ቀስ እያልሁ ገፋሁት። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ሊያጣምመው፣ የሾለ ሽቦም ቱቦውን ሊበሳው ስለሚችል ሁለቱንም አልተጠቀምሁም። ውሃው ሁለት ጊዜ ወደ እኔ ተመለሰ። ለስላሳ የፕላስቲክ ዘንግ አስገብቼ ካነቃነቅሁ በኋላ ግን በሦስተኛው ጊዜ ጉሮሮዋ ተከፈተ። ከኋላ ሄጄ ባይ በሳሕኑ ውስጥ ከአተላው ጋር የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ወርዶ ተገኘ። ሽንኩርት የአገራችን ምርት ነው፤ ወደ ፍሪጁ ከነልጣጩ የምናስገባውም እኛ ትልልቆቹ ነበርን።

ለመፈተን አንድ ሲኒ ውሃ በቦይዋ አፈሰስሁ፤ ወዲያው በሳሕኑ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ተሰማ። ከዚያ ወዲህ መሳቢያው ደረቅ ነው። ቀዳዳው ተከፍቶም ውሃው ባይቆም ኖሮ የበሩን ጎማ ልመረምር አስቤ ነበር፤ የላላ ጎማ ሙቅ አየር ሳያቋርጥ ያስገባልና። በማራገቢያ የሚሠራው ዐይነት ፍሪጅ ግን ቀዳዳው ከሽፋን ጀርባ ተደብቆ ብዙ ጊዜ በበረዶ ስለሚደፈን፣ እርሱን መፍታት ለባለሙያ የሚተው ነው።

በዚያው ማታ እህቴን ጠርቼ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኋት። እርሷም ቀዳዳዋን ካላሳየኸኝ አልታረቅም አለች፤ አሳየኋት። አሁን በየወሩ በሲኒ ውሃ እያፈሰሰች ከኋላ የምታዳምጠው እርሷ ናት፤ ልጣጭ ያለው ሽንኩርት ይዞ ወደ ፍሪጁ የሚቀርብ ሰው ካገኘችም፣ እኔም ብሆን፣ ትቆጣለች።