ዘግይቶ የሚያርፍ ጉንጉን

ሰው ድንገት ሲቆም ፀጉሩ አብሮት አይቆምም። ጉንጉኑም ሆነ የካባው ዘርፍ የጀመረውን ጉዞ ገና አልጨረሰምና ጥቂት አልፎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ከዚያም ያርፋል። የዲስኒ አኒሜተሮች ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን መዘግየት ከዐሥራ ሁለቱ የአኒሜሽን መርሆዎች መካከል ቆጥረውታል። በእነርሱ ዘመን ሠዓሊው በእጁ፣ ሥዕል በሥዕል ያወጣው ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ስሌት ነው፤ ስሌት ደግሞ ኀዘንን አያውቅም።

ይህን የምለው ስለ አንዲት ልጅ ነው። በምሠራው ትንሽ ጨዋታ ውስጥ ከበሩ በኩል ስሟ ሲጠራ ትዞራለች፣ የአባቷን ሞት ትሰማለች፣ ለአራት ሰከንድ ምንም አትልም። ፊቷን እንዲያለቅስ አልፈለግሁም። ከትከሻዋ ወርዶ የተንጠለጠለው ጉንጉን ብቻ እንቅስቃሴውን ጨርሶ እንዲያርፍ፣ ከዚያም ጸጥታው እንዲቀር ነበር ሐሳቤ።

በጉንጉኑ ውስጥ አምስት የማይታዩ አጥንቶች እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለዋል። የእያንዳንዱ አጥንት ጫፍ፣ ጉንጉኑ ግትር ቢሆን ኖሮ ሊገኝበት ከሚገባው ቦታ ጋር በሞላ ታስሯል። ራሷ ሲዞር ያ ቦታ አብሮ ይሄዳል፤ ጫፉ ግን እየተጎተተ ከኋላ ይከተላል። ሁለት ነገሮች ጠባዩን ይወስናሉ፤ አንዱ የሞላው ጉልበት፣ ሌላው እንቅስቃሴውን ቀስ በቀስ የሚያበርደው ኃይል። ማብረጃው ሲበዛ ፀጉሩ በውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ሲያንስ እንደ ጄሊ ይንቀጠቀጣል።

ከሌላ ባለሙያ የተረከብሁት ስሌት የሚከተለው ነበር፤ x ጫፉ ከቦታው የራቀበት ርቀት፣ v ፍጥነቱ፣ a የፍጥነቱ ለውጥ፣ dt በሁለት ፍሬሞች መካከል ያለው ጊዜ ነው።

```
a = -400*x - 8*v
x = x + v*dt
v = v + a*dt
```

በእኔ ኮምፒዩተር፣ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ጉንጉኑ ያምር ነበር። በወዳጄ አሮጌ ላፕቶፕ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ያቺ ኀዘንተኛ ልጅ ቆማ ሳለ ጉንጉኗ እየሰፋ እየሰፋ ተወዛውዞ በመጨረሻ ከራሷ በላይ እንደ ጅራፍ ይሽከረከር ጀመር። ወዳጄ ሳቀ። በዚያ ትዕይንት ላይ ሰው ይስቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ምክንያቱ በሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ጫፉ ወደ አዲሱ ቦታ የሚሄደው ሞላው ገና ባልገታው አሮጌ ፍጥነት ስለሆነ በየእርምጃው ከሚገባው ጥቂት አልፎ ይሄዳል፤ ያልነበረ ጉልበትም ያተርፋል። እርምጃው አጭር ሲሆን ማብረጃው ያንን ትርፍ ይውጠዋል። በ30 ፍሬም ግን እርምጃው እጥፍ ነውና ማብረጃው ይሸነፋል፤ ውዝዋዜው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከዐሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። በ60 ፍሬም ስሕተቱ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አልነበረም።

መድኃኒቱ፣ እንዲያው ለማመን በሚያስቸግር ሁኔታ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ማቀያየር ነው። ፍጥነቱ ቀድሞ ይታረማል፣ ጫፉ በታረመው ፍጥነት ይሄዳል። ቁጥር አልተጨመረም፤ 10 ሳንቲሜትር የነበረው ውዝዋዜ በሁለቱም ኮምፒዩተሮች ላይ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ይወርዳል። የቀረውን ጥቃቅን ልዩነት ለማጥፋት የስሌቱን እርምጃ በ1/60 ሰከንድ አጸናሁት፤ ዘገምተኛው ኮምፒዩተር በአንድ ፍሬም ሁለት ጊዜ ያሰላል።

ከዚህ በኋላ የቀረው ትከሻዋ ነበር። ጉንጉኑ ሥጋዋን ሰንጥቆ እንዳያልፍ በትከሻዋ ውስጥ እንደ መድኃኒት ፍሬ የሞለለ፣ የማይታይ መከላከያ ይቀመጣል፤ የአጥንቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ ስሌቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሆኖም ልጅቱ ፍጹም ስትቆም ጉንጉኗ እንደ በረደው ሰው ይርድ ነበር። መከላከያውን ለጊዜው ሳጠፋው ርደቱ ቆመ፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከሞላው አልነበረም። ለካኹት። የመከላከያው ራዲየስ 7 ሳንቲሜትር፣ የጉንጉኑ ውፍረት ከመሐል እስከ ዳር 1.5 ነው፤ ጫፉ ከመከላከያው መሐል ቢያንስ 8.5 ሳንቲሜትር መራቅ አለበት ማለት ነው። የማረፊያ ቦታው ግን በ6 ላይ ተተክሏል። ሞላው ወደ ውስጥ ይስባል፣ መከላከያው ወደ ውጭ ይገፋል፤ በየፍሬሙ አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርሳል። ማብረጃውን መጨመር ርደቱን ያለዝበው እንደሆነ እንጂ ጠቡን አያስታርቅም። ራዲየሱን ወደ 4 ሳንቲሜትር ሳወርደው ማረፊያው ከመከላከያው ውጭ ሆነ።

አሁን ጉንጉኑ ከአንገቷ አልፎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ በአንድ ሰከንድ ገደማ ያርፋል። ሦስት ሰከንድ ይቀራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነፋስ እንድጨምር የመከሩኝ አሉ፤ አልጨመርሁም።