አሥር ብር ላይ የቆመች ሳሙና

የምናዘዘው ነገር በሕግ አያስከስሰኝም። የአንድ ሳሙና አምራች የሽያጭ ተጠሪ ሆኜ ጎንደር ተቀምጫለሁ። ዱቄት ሳሙናው በየትኛው እሽግ ስንት ግራም ሆኖ በስንት ብር ይሸጥ የሚለውን ሐሳብ ለዋናው መሥሪያ ቤት የማቀርበው እኔ ነኝ። እሽጉ ጀርባ ላይ የተጣራ ክብደቱ ተጽፏል፤ አልዋሸንም። ነገር ግን ማን እንደማያነበው አውቅ ነበር፤ የተማመንኩትም በዚያው ነው።

ሦስት መጠን አለን። በሰንሰለት ተያይዛ ሱቅ ደጃፍ የምትንጠለጠለው ትንሿ፣ መካከለኛው፣ ከዚያም ባለ አንድ ኪሎው። ባለ ኪሎውን ደመወዝተኛው ወር ሲገባ ይገዛዋል። ያው ደመወዝተኛ ወሩ ሲያልቅ መካከለኛውን ይጠይቃል። የቀን ሠራተኛውና የጉሊት ነጋዴዋ ግን ትንሿን እንጂ ሌላውን አያዩትም። ስሌት ስለማያውቁ አይደለም። በዕለቱ ከተገኘው ገንዘብ ላይ ዘይቱ፣ በርበሬው፣ ስኳሩና ሳሙናው ሁሉ መገዛት አለባቸው፤ የሁለት ወር ሳሙና ዛሬ መግዛት የዛሬን ወጥ መዝለል ነው። ትልቁ እሽግ ቤት ሲገባ ደግሞ እጅ ይፈታል፣ ጎረቤትም ይበደረዋል። ትንሿን የሚመርጥ ሰው ገንዘቡን በደንብ ያውቃል።

ትንሿ የተሠራችው ለአሥር ብር ኖት ነው። ከመስከረም 2013 ወዲህ በእጃችን ያሉት አዳዲስ ኖቶች 10፣ 50፣ 100 እና 200 ናቸው፤ ከአሥር በቀጥታ ወደ ሃምሳ ይዘላሉ። አሥራ አንድ ብር ብለን ብንሸጣት ባለሱቁ ዝርዝር ከየት ያመጣል? መልሱን ማስቲካ ይሰጣል፤ ደንበኛዋም ትማረራለች። ስለዚህ በእኛ ቤት አሥር ብር የማይነካ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላር የሚመጣው ጥሬ ዕቃና የእሽጉ ላስቲክ ናረ። ዋጋው ካልተነካ የሚነካው ግራሙ ነው።

ያኔ ያቀረብኩትን ሐሳብ ለማስላት እንዲቀል ቁጥሩን አጠጋግቼ ላስረዳ። ትንሿ 32 ግራም ነበረች፤ ወደ 22 አወረድናት፤ ዋጋዋ አሥር ብር እንደሆነ ቀረ። ባለ ኪሎው ከ240 ወደ 320 ብር ወጣ። በባለ ኪሎው ላይ ሰው ጮኸ፤ ጭማሪው ከመቶ 33 ነበር። በትንሿ ላይ የጮኸ አልነበረም። ግን 32 ግራም በአሥር ብር ማለት ኪሎው 312 ብር ከሃምሳ ነው፤ 22 ግራም በአሥር ብር ሲሆን ወደ 455 ይጠጋል። ጭማሪው ከመቶ 45 ነው። ማለትም ከፍተኛውን ጭማሪ የከፈለው አነስተኛ ገንዘብ የያዘው ነው፤ ጭማሪውን ያላየውም እሱው ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር። ለአለቆቼ ከላክሁት ገጽ ላይ ግን የትንሿን የኪሎ ዋጋ አውጥቼዋለሁ።

ለራሴ የማቀርበው ሰበብ ነበረኝ። አንድ ኪሎ በ22 ግራም ሲከፋፈል አርባ አምስት ላስቲክ ይፈልጋል፤ ትልቁ አንድ ብቻ። ባለሱቁም ከአሥራ ሁለቷ ሰንሰለት 18 ብር ያተርፋል፤ ያ ትርፍ ባይኖር አያንጠለጥላትም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ትንሿ በኪሎ ሲሰላ በመጠኑ መወደዷ ተገቢ ቢሆንም፣ ክፍተቱ እየሰፋ መሄዱ ከላስቲክ ጋር አይገናኝም። ነገሩ የግድ እንዳልሆነም አውቃለሁ፦ በ1983 እ.ኤ.አ. ቺክ የተባለው ሻምፑ በትንንሽ እሽግ በወጣባት በሕንድ፣ የሻምፑ ትንንሽ እሽግ በሚሊ ሊትር ሲሰላ ከጠርሙሱ ረክሶ ሲሸጥ ኖሯል። ምርጫ ነው ማለት ነው፤ የመረጥነው ደግሞ እኛ ነን።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሳፋው ነው። ሴትዮዋ የምትገዛው ግራም አይደለም፤ አንድ ሳፋ ልብስ የሚያጥብ ሳሙና ነው። አንድ ሳፋ በእጅ ለማጠብ ወደ 30 ግራም ይፈልጋል፤ የድሮዋ ትንሽ እሽግ ታደርሳለች፤ አዲሷ አታደርስም። በደባርቅና በዳባት ብርድ ደግሞ ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አይሟሟም፤ አረፋው እስኪነሳ ተጨማሪ ይነሰነሳል። ስለዚህ አንድ የነበረው ሁለት ሆነ፤ አሥር ብሩም ሃያ። የሽያጭ ሪፖርቱ ላይ የትንሿ ቁጥር አሻቀበ። እድገት ተባለ፤ ጉርሻም ተሰጠኝ፤ ወሰድኩ።

ያ እድገት ውሸት መሆኑን ሪፖርት አይናገርም፤ ሱቅ ይናገራል። የጥምቀት ሰሞን፣ ጎንደር ነጭ ልብሷን በምታጥብበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አንዲት በዕድሜ የገፉ ባለሱቅ ጋ ገባሁ። የእኛ ሰንሰለት አቧራ ለብሶ ተሰቅሏል። ከመደርደሪያው ሥር ባለ ኪሎው ተቀድዶ፣ ውስጡ የቡና ስኒ ተሰክቷል። አንዲት ልጅ አሥራ አምስት ብር ሰጠች፤ ሴትዮዋ አንድ ስኒ ሙሉ በፌስታል ቋጠሩላት።

«እትዬ፣ ትንሿ አልቃ ነው?» አልኳቸው።

«አላለቀችም፤ ማን ወስዷት!» አሉ። «ልጄ፣ እናንተ ላስቲኩን ስታሳንሱ እኔ ስኒዬን አላሳነስኩም።»

ስኒውን አስመዘንኩት፤ 40 ግራም ይዟል። በኪሎ ሲሰላ 375 ብር ነው። ልጅቱ ከእኛ ትንሽ እሽግ በረከሰ ዋጋ አንድ ሳፋ ከነትራፊው አገኘች፤ እትዬም ባለ ኪሎውን በ300 ብር ገዝተው 75 ብር ያተርፋሉ። ሱቅ ውስጥ ስኒ ካየህ መጠንህ እንደተበላሸ እወቅ። ሁለተኛው ምልክት ደግሞ ትንሿን ይገዛ የነበረው ሰው ወደ ደረቅ ሳሙና መመለሱ ነው። ሁለቱንም አይቼ ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ፤ ሽያጩ ገና አልወረደም ነበርና።

ደጋው ላይ ያደረግሁት ደግሞ ሌላ ነው። ገበሬው ገንዘብ የሚያገኘው በየቀኑ አይደለም፤ እህሉን ወይም በጉን በሸጠበት የገበያ ቀን ነው፤ የሚገዛውም እስከሚቀጥለው ገበያ የሚያደርሰውን ነው። ለእሱ የሚስማማው መካከለኛው እሽግ ነበር። እኔ ግን በትንሿ የሚገኘው ትርፍ ስለሚበልጥ ለደባርቅ መኪና ትንሿን አብዝቼ ጫንኩ። ገበሬው ከሰንሰለቱ አራት አምስት ቆርጦ ይሄዳል፤ በገበያ ቀኑ መካከለኛውን የመግዛት አቅም እያለው የከተማውን ድሃ ዋጋ ከፈለ።

መፍትሔው ቀላል ቢሆን ኖሮ ኑዛዜም ባላስፈለገ። ትንሿን ወደ 32 ግራም ብንመልሳት ወጪው 15 ብር ያደርሳታል፤ አሥር ብር ብቻ የያዘችው ሴት ያን ቀን ባዶ እጇን ትመለሳለች። ይህን እያልኩ ነው ስከራከር የኖርኩት፤ ለእሷ የማዝን መስዬ። እሷ ግን ባዶ እጇን አልተመለሰችም፤ ግማሽ ሥራ የሚሠራ ሳሙና ይዛ ሄዳ በማግሥቱ ሌላ አሥር ብር አመጣች።

በዚህ ሩብ ዓመት ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው፦ ባለ አሥራ አምስቷ 32 ግራም ትሁን፤ ፊት ለፊቷ ላይ «ለአንድ ሳፋ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ። ባለ አሥሯ ትቆይ፤ «ለግማሽ ሳፋ» ተብሎ ይጻፍባት። ለደጋው መካከለኛው ይብዛ። የሁሉም የኪሎ ዋጋ በገጹ ላይ አለ፤ አሁን አላወጣሁትም። «ግማሽ» የሚለው ቃል ሽያጭ ይገድላል ብለው መልሰውልኛል። እኔም ይገድላል ብዬ አምናለሁ፤ የሚገድለው ግን በሌላው ግማሽ ስናገኘው የኖርነውን ሽያጭ ነው።