ሁለት እርማት ብቻ

የትምህርት ቤታችንን መጽሔት የማሳተሙ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወድቆ ነበር። ረቂቁን ለ5 መምህራን ብሰጥ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው አርመው ወደ ማተሚያ ቤት ላኩ። አንዱ ያስወጣውን ቃል ሌላው አስገባው፤ በ7ኛው እርማት የፊተኛው ስሕተት ተመልሶ ተገኘ። ሒሳቡም አብሮ አደገ።

በሚቀጥለው ዓመት ግን አንድ ቅጂ ብቻ በ5ቱ እጅ ዞረ፤ አሳብ የተጋጨበትን እኔው ቈርጬ በቀይ ቀለም ጻፍሁ። በመጀመሪያው እርማት አሳብና አቀማመጥ ይለወጣል፤ በሁለተኛው የታዘዘው መፈጸሙና የፊደል ግድፈት ብቻ ይታያል። ሦስተኛ የሚሻ ሰው ዋጋውን አይቶ ይፈርማል። የሰው ስም ከተሳሳተ ግን መቼም ቢሆን ይታረማል።

ከሁለተኛው እርማት በኋላ ዲሬክተሩ አዲስ መቅድም ይዘው መጡ። የዋጋውን ወረቀት በትሕትና አቀረብሁላቸው። አንብበው መቅድሙን ወደ ኪሳቸው መለሱት።