ከሥራ የሚወጣ የለም

ባለፈው ቅዳሜ ዲላ ውስጥ ቡና ስንጠጣ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነ ጓደኛዬ የሥራ አስኪያጁን ማስታወሻ ከኪሱ አውጥቶ አነበበልኝ። ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ የሚያረቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ መምጣቱን ይገልጽና፥ «በዚህ ምክንያት ከሥራ የሚወጣ የለም» ይላል።

ጓደኛዬ እፎይ ብሏል። እኔ ግን የአማዞን ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አንዲ ጃሲ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ለሠራተኞቻቸው የጻፉት ማስታወሻ ትዝ አለኝ። እኒያ ሰው መሣሪያው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቢሮ ሠራተኛውን ቁጥር እንደሚቀንሰው ሳይሸሽጉ ተናገሩ። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ኩባንያው 14,000 ያህል የቢሮ ሥራዎችን እንደሚሰርዝ አስታወቀ፤ እርሳቸው ግን የዚህኛው ቅነሳ ምክንያት መሣሪያው አይደለም አሉ።

«በጡረታ የተሰናበቱት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቦታስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ማስታወቂያ አልወጣበትም» አለኝ።

እንግዲህ ማንም ሳይባረር ወንበር ይቀንሳል ማለት ነው። የሚጎዳውም ዛሬ ከፊቴ ተቀምጦ የሚማረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ነው።

ደግሞም መሣሪያው ሲሞከር በ2017 ዓ.ም. የተጻፈን አቤቱታ በፈረንጆች አቆጣጠር ወስዶ፥ የአንድ ዓመቱን ጉዳይ ስምንት ዓመት የተጓተተ አስመስሎት ነበር። ስሕተቱን ያገኘው ጓደኛዬ ነው። ማስታወሻው ግን ረቂቁን ማን እንደሚያርም አይናገርም።

ስለዚህ ሰኞ ለአለቃው ሁለት ጥያቄ ሊያቀርብ ቆርጧል፦ ባዶው ወንበር ይሞላል ወይ? ረቂቁ ቢሳሳት ተጠያቂው ማነው? ተማሪዎቼ ነገ ይጠይቁኛልና መልሱን እኔም እጠብቃለሁ።