«እየመጣ ነው» እና «መጣ»

ባለፈው ኅዳር በሁለተኛው ሳምንት፣ የጥቁር አዝሙድና የጉሎ ዘይት ቀላቅላ በትንንሽ ጠርሙስ እያሸገች በቴሌግራምና በፌስቡክ የምትሸጠው የእኅቴ ልጅ፣ ከአንዲት ደንበኛዋ የመጣላትን ምስክርነት በቻናሏ ላይ ከማውጣቷ በፊት «ጋሼ፣ ፊደሉን ብቻ ይዩልኝ» ብላ ላከችልኝ። እኔም ዕድሜዬን የተማሪ ድርሰት ሳርም የኖርሁ ሰው በመሆኔ፣ ሀሌታውን ሀ ከብዙኃኑ ኀ ለይቼ እመልሳለሁ ብዬ ተቀመጥሁ። ይሁን እንጂ ጽሑፉን ሳነበው የወይዘሮ አነጋገር ሳይሆን የነጋዴ ጩኸት መስሎ ስለ ተሰማኝ፣ ዋናው የድምፅ መልእክት እንዲላክልኝ ጠየቅሁ።

የሴትዮዋ ቃል ይህ ነበር፦ «እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከወለድሁ በኋላ ፊት ለፊቱ ሳስቶ የነበረው ጠጉሬ እየመጣ ነው። ስቀባ ሦስት ወር ሆነኝ፤ ዘይቱ ሳይረዳኝ አልቀረም መሰለኝ። ሽታው ግን ለሕፃኑ ይከብደዋል፤ ሳጠባው የምቀባበት ቀን የለም።»

ለቻናሉ የተዘጋጀው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በሦስት ወር ውስጥ የረገፈው ጠጉሬ በዚህ ዘይት ሙሉ በሙሉ መጣ!»

የእኅቴ ልጅ ዋሽታለች ለማለት አልደፍርም፤ እርሷም «ያለችውን ነው አሳጥሬ ያስቀመጥሁት» ስትል ከልቧ ነበር። ነገር ግን የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ፍርዱን በማሰሪያ አንቀጹ ላይ አሳድሮ የሚሄድ በመሆኑ፣ ከፊት ያሉት ቃላት ሁሉ ሳይነኩ ቢቀመጡ እንኳ፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን አንዲት ግሥ የለወጠ ሰው ምስክርነቱን ሁሉ ለውጦታል። «እየመጣ ነው» ያለች ሴት ያልተፈጸመ ነገር ማየቷን ተናገረች፤ «መጣ» ያሰኛት ሰው ግን ያላየችውን ፍጻሜ በአፏ አኖረባት። «መሰለኝ» የምትለው ቃልም እንደ ትርፍ ነገር ትታይና ለማሳጠር ሲባል መጀመሪያ የምትቆረጠው እርሷ ናት፤ ዳሩ ግን ተናጋሪዋ ያየችውንና የገመተችውን የለየችባት ድንበር እርሷ ስለሆነች፣ ስትወድቅ ግምቱ ወደ ዕውቀት ይሻገራል። በችሎት ፊት እንዲህ ያለ ቃል አቀባይ ቢገኝ ዳኛው ምን እንደሚለው ለማወቅ የሕግ ሊቅ መሆን አያሻም።

በግእዝ ስምዕ ማለት ምስክርነት ነው፤ ከዚያው ከ«ሰምዐ» ግሥ የወጣው «ሰማዕት»ም ለመሰከረው ቃል ነፍሱን እስከ መስጠት የደረሰውን ሰው የምንጠራበት ስም ሆኗል። የጠጉር ዘይት ያመሰገነች ሴት ይህን ያህል ሸክም ትሸከም የሚል የለም፤ ሆኖም ምስክር የሚባል ሁሉ የሚጠየቀው ላየው ነገር ብቻ ነው። ያች ሴት ያየችው ሁለት ነገር ነው፤ ጠጉሯ ሲሳሳና በኋላ ተመልሶ ሲበቅል። ዘይቱ አበቀለው የሚለው ሦስተኛው ነገር ግን በዓይን የሚታይ አይደለም።

የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነውና ጥቂት ልቆይበት። በእርግዝና ጊዜ፣ በሰውነት ውስጥ ከፍ ብሎ በሚገኘው ሆርሞን ምክንያት፣ በሌላ ጊዜ ይረግፍ የነበረው ጠጉር ሳይረግፍ ይቆያል፤ ከወሊድ በኋላ ሆርሞኑ ሲወርድ ያ የተጠራቀመው ሁሉ ባንድነት ወደ ዕረፍት ይገባና፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ወር መካከል በማበጠሪያ ላይ እየተጠመጠመ ይወጣል። እናቲቱም መላጣ ልትሆን የደረሰች ይመስላታል። ሥሩ ግን አልሞተምና፣ ብዙዎቹ ሴቶች ሕፃኑ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ ቅባት ቢቀቡም ባይቀቡም፣ ጠጉራቸው ይመለስላቸዋል። አሁን የደንበኛዋን ወራት እንቁጠር፤ የወለደችው በግንቦት ነው፤ መርገፉ የበረታው በነሐሴ ነው፤ ዘይቱን የገዛችው በዚያው በነሐሴ መጨረሻ፣ ማለትም ነገሩ እጅግ በከፋበትና ሰው ሁሉ መድኃኒት በሚፈልግበት ሰዓት ነው፤ ምስጋናዋን የላከችው ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው፣ አጫጭሩ አዲስ ጠጉር በግንባሯ ላይ ብቅ ብቅ በሚልበት በኅዳር ነው። በነሐሴ የገዛችው ዘይት ሳይሆን ውኃ ቢሆን ኖሮ በኅዳር ይህንኑ ምስጋና ለውኃው ትልከው ነበር። ሰው መድኃኒት የሚገዛው ሕመሙ ጫፍ ሲደርስ ነውና፣ ከጫፍ በኋላ የሚመጣውን ቁልቁለት ሁሉ መድኃኒቱ እየወሰደው ይኖራል።

እንግዲህ ሴትዮዋ እውነተኛ ሆና፣ ቃሏም ሳይለወጥ ቢወጣ፣ አንባቢው ግን በሐሰት ሊያምን የሚችልበት መንገድ አለ ማለት ነው። ለዚህ ነው «ከወለድሁ በኋላ» የሚለው ሐረግ መቅረቱ ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ፤ ያ ሐረግ ሲወጣ፣ ከአባቱ በወረሰው መላጣነት የሚጨነቀው ጎልማሳም፣ ጠጉሯን በጥብቅ ሹሩባ ለዓመታት ስትጎትት ሥሩ የጠፋባትም ሴት፣ ያው ዘይት ለእነርሱም እንደሚሠራ አድርገው ያነቡታል።

«ከታች በትንሹ ‹ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል› ብዬ እጽፍበታለሁ» አለችኝ። ይህ መሸሸጊያ እርሷ የፈጠረችው አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው መመሪያ፣ ነጋዴው ያልተለመደ ውጤት ያገኘችውን ደንበኛ አቅርቦ ውጤቱ የተለመደ አለመሆኑን ቢናገር ይበቃው ነበር። ኮሚሽኑ ግን ሰው ትልቁን ምስክርነት አንብቦ ትንሹን ማስጠንቀቂያ እንደማይቀበለው በጥናት ስለተረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን በር ዘግቶ፣ እንዲህ ያለ ምስክርነት የሚያወጣ ነጋዴ ደንበኞቹ በአብዛኛው የሚያገኙትን ውጤት አብሮ እንዲናገር አዘዘ። የእኅቴ ልጅ ጠርሙስ በመንገደኛ ሻንጣ እስከ ሜሪላንድ ስለሚሄድ ይህን አነሣሁላት እንጂ፣ በአገራችንም የ2004ቱ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «ታዲያ አብዛኞቹ ደንበኞችሽ ምን አገኙ?» ብዬ ብጠይቃት ዝም አለች፤ ከገዙት መካከል ቃል የላኩላት ጥቂቶች ናቸው፤ ያልተደሰተው ሰው ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ ትቶ ዝም ይላል እንጂ የምስጋናን ያህል ተቃውሞ አይልክም። የማታውቀውን ውጤት መናገር አትችልምና፣ ዘይቷ ጠጉር ያበቅላል ማለቱን ትታ የምታውቀውን፣ ማለትም ደረቅ ጠጉርን ማለስለሱን ብቻ ትናገር ዘንድ ተስማማን።

የደንበኛን ቃል ለማውጣት ወደሚያስፈልገው ፈቃድ ስንመጣ፣ የእኅቴ ልጅ ከዓመት በፊት የደረሰባት አለ። የአንዲት ደንበኛ መልእክት ከነቅርጹ ከስልኳ ላይ ፎቶ አንሥታ፣ ስሟን በጥቁር መስመር ሸፍና አወጣችው፤ ነገር ግን ከስሙ ጎን ያለችውን ክብ ምስል ረሳቻት። ጠጉሯ መርገፉን ለባሏ እንኳ ያልነገረችው ሴት፣ በማግስቱ ከመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ «አንቺ ነሽ አይደል?» ተባለች። ጽሑፉ በዚያው ሰዓት ተነሣ፤ ይሁን እንጂ ከቴሌግራም ቻናል የተነሣ ነገር፣ ሰው አስቀድሞ ወደ ስልኩ ካወረደው ወይም ፎቶ ካነሣው፣ በሌላ እጅ ይኖራል። ደንበኛዋም ከዚያ ወዲህ አልገዛችም፤ እኔ ብሆንም አልገዛም ነበር። በስልክ ብርዕ ስለሚደረገው መሸፈኛም ልንገራችሁ፦ ቀለሙ ሙሉ ካልሆነ፣ የምስሉን ብርሃን ከፍ ያደረገ ሰው ከሥሩ ያለውን ስም ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ የመልእክቱን ፎቶ ከማውጣት ቃሉን እንደገና መጻፍ ይሻላል።

ነጋዴዎቻችን ፈቃድ የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ «ልለጥፈው?» በሚል አንድ ቃል ነው፤ ደንበኛዋም በይሉኝታ «እሺ» ትላለች፤ ምን እንደሚለጠፍ፣ የት፣ በማን ስም እንደሆነ ግን ሁለቱም አልተነጋገሩም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ27ኛው ቁጥር የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ሲከለክል ቴሌግራም የሚባል አልነበረም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰው የግል መረጃ ያለ ሕጋዊ መሠረት እንዳይሠራበት ደንግጓል። ስለዚህ የእኅቴ ልጅ ያደረገችው ይህ ነው፦ የሚወጣውን ጽሑፍ አንዲት ፊደል ሳይቀር ጽፋ ጨርሳ፣ ለደንበኛዋ መልሳ ላከችላትና፣ በቴሌግራም ቻናል ብቻ እንደሚወጣ፣ ስም እንደማይኖረው፣ በገንዘብ ለሚሠራጭ የፌስቡክ ማስታወቂያ ብትፈልገው እንደገና እንደምትጠይቃት፣ በፈለገች ጊዜ አንሺው ብትላት እንደምታነሣው፣ ሌሎች ያስተላለፉትን ግን መመለስ እንደማትችል ነገረቻት። መልሱም በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ እንዲሆን ለምና፣ የመጣውን መልስ ከጽሑፉ ጋር አስቀመጠችው። የጠጉሯን ፎቶግራፍ ጨምራ ለመጠየቅ አስባ ነበር፤ ደንበኛዋ ሕፃኑን በክንዷ ይዛ የተነሣችው ስለነበረና ስለ ቃሉ የተሰጠ ፈቃድ ስለ ምስል፣ ይልቁንም ስለ ሕፃን ምስል የተሰጠ ስላልሆነ፣ ተወችው።

በአንድ ነገር ግን ተከራክረናል። ለምስጋናዋ አንድ ጠርሙስ በነፃ ልትልክላት ፈለገች። ምስጋናው አስቀድሞ ያለ ስጦታ የመጣ ስለሆነ ክፋቱ አልታየኝም፤ ነገር ግን ወደፊት «ጥሩ ቃል ከላክሽልኝ ጠርሙስ እሰጥሻለሁ» ማለት ከጀመረች፣ ያ የተገዛ ምስክር ነው፤ አሜሪካኖቹም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ደንብ ይህንኑ፣ ማለትም አስተያየቱ መልካም እንዲሆን ግዴታ አድርጎ ዋጋ መክፈልን፣ ከሐሰተኛ ምስክርነት ጋር ባንድነት ከልክለውታል። ጠርሙሱን ላከች፤ ቀኑንም እኔ በማስታወሻዋ ላይ ጻፍሁላት።

ደንበኛዋ «ፊት ለፊቱ» የሚለውን ቃል ብቻ እንድታወጣው ጠይቃ የቀረውን ፈቀደች። የወጣው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «‹ከወለድሁ በኋላ ሳስቶ የነበረው ጠጉሬ እየመጣ ነው። ስቀባ ሦስት ወር ሆነኝ፤ ዘይቱ ሳይረዳኝ አልቀረም መሰለኝ። ሽታው ግን ለሕፃኑ ይከብደዋል፤ ሳጠባው የምቀባበት ቀን የለም።› — አንዲት ደንበኛችን፣ በፈቃዷ። ከእኛ በኩል፦ ከወሊድ በኋላ የሚረግፍ ጠጉር በአብዛኛው ያለ ቅባትም በዓመት ውስጥ ይመለሳል፤ ዘይታችን የደረቀ ጠጉር ያለሰልሳል እንጂ ጠጉር ያበቅላል አንልም።»

«ጋሼ፣ ይህን አንብቦ ማን ይገዛል?» ብላኝ ነበር። በዚያ ሳምንት አሥራ አንድ ጠርሙስ ተሸጠ፤ ከቀደመው ሳምንት በሁለት ያንሳል። ስለ ሽታው የጠየቁ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ሦስቱ ገዙ።