መዶሻው 46 ሲል

አዲስ አበባ ውስጥ፣ በ1960ዎቹ የተሠራ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት። ባለቤቱ ሁለት ፎቅ ሊጨምሩበት አስበዋል። እኔ ደግሞ ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ኮለን ፊት ቆሜያለሁ፤ ጋሼ ወንበር አስመጥተው ያዩኛል።

ልስኑን በደረቴ ከፍታ አስነሥቼ የሽሚት መዶሻውን አግድም ደገፍኩት። ውስጡ ያለው ብረት በስፕሪንግ ተወንጭፎ ይመታል፣ ይነጥራል፣ የነጠረበትን መጠን በቁጥር ያሳያል። አሥራ ሁለት ቦታ መታሁ፤ አማካዩ 46 መጣ። ለድሮ አርማታ ሸጋ ቁጥር ነው።

«አላልኩሽም? የድሮ ሥራ እኮ ነው!» አሉ ጋሼ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀጥዬ የፌሮ ሽፋን መለኪያውን በገጹ ላይ አንሸራተትኩት። ዋናው ፌሮ ከገጹ 14 ሚሊ ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው ያለው፤ ስታፋውማ ከዚያም ይቀርባል። ደስ አላለኝም። ጠርዙን ትንሽ ሰበር አድርጌ ፌኖልፍታሊን ረጨሁበት። ጤነኛ ኮንክሪት ወዲያው ሮዝ ይሆናል። የኛው ግን እስከ 22 ሚሊ ሜትር ድረስ ቀለሙን አልቀየረም።

ይኼኔ 46 ሌላ ትርጉም ያዘ። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ እየገባ የሲሚንቶውን ኖራ ወደ ጠጣር ድንጋይነት ይለውጠዋል። ገጹ ይጠነክራል፣ መዶሻው የበለጠ ይነጥራል። ግን ፌሮውን ከዝገት የሚጠብቀው ያው ኖራ የሚሰጠው አልካሊነት ነው። ያስደሰተኝን ቁጥር ከፍ ያደረገው ነገር፣ ለካ ፌሮውን እያራቆተው ነበር።

መራቆት ግን መዛግ አይደለም፤ እርጥበት ይፈልጋል። ስለዚህ ሀፍ ሴሉ ተራው ደረሰ። ከቮልቲሜትሩ አንዱን ሽቦ ከተገለጠ ፌሮ ጋር አሰርኩ፤ ሌላው በመዳብ ሰልፌት ውስጥ ከተነከረ የመዳብ ዘንግ ጋር ተያይዟል። ልስኑን እስከ ታች አስነሥቼ ገጹን አርጥቤ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ለካሁ። ላይኛው ክፍል ላይ −160፣ −180 ሚሊ ቮልት። ወደ ታች −270። ከወለሉ ጥግ፣ የመታጠቢያ ቤት ቱቦ ከሚያልፍበት ጎን፣ −410። ከ−350 ሲያልፍ ዝገት የመኖሩ ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ነው ይባላል። ከቁጥሩ በላይ የማምነው ግን ቁልቁለቱን ነው፤ ገጹ ስለረጠበ ብቻ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል፣ በአንድ ሜትር ውስጥ እንዲህ ሲንሸራተት ግን መክፈት ነው። ደግሞ መሣሪያው ምን ያህል እንደተበላ አይናገርም።

ከፈትን። ከልስኑ ሥር ፌሮውን ተከትሎ የሚወርድ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ነበር። 16 ሚሊ ሜትሩ ፌሮ ዝገቱ ሲፈገፈግ 14 ሆነ። ሁለት ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ በስፋት ሲሰላ ግን ወደ ሩብ የሚጠጋው ብረት ሄዷል።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው ዝገቱን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። «ታዲያ መዶሻሽ ለምን ዋሸኝ?»

«አልዋሸም ጋሼ። ስለ ገጹ ጠየቅሁት፣ ስለ ገጹ መለሰ።»

ዝም አሉ። ከዚያ ጠመኔዬን ተቀብለው የቱቦው መስመር የሚያልፍባቸውን ሌሎች አራት ኮለኖች ራሳቸው ምልክት አደረጉባቸው።